ከመግቢያ ወረቀት ወደ ጥያቄ፤ የላኪው ሐኪም ደብዳቤ ታሪክና አሠራር

ጠቅላላ ሐኪም የአንድ በሽተኛ ሕመም ከዐቅሙ በላይ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ባለልዩ ሙያ ሐኪም ይልከዋል። ከበሽተኛው ጋር አብሮ የሚሄደውን ጽሑፍ ሕዝቡ በአጭሩ «ሪፈር» ይለዋል። «ሪፈር ተጻፈልኝ» ያለ ሰው ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዲሄድ መፈቀዱን መናገሩ ነው እንጂ፣ አንድ ሐኪም ለሌላ ሐኪም ጥያቄ ማቅረቡን መናገሩ አይደለም። በዚህ አነጋገር ውስጥ የወረቀቱ ታሪክ ባጭሩ ተመልክቷል። ወረቀቱ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው በር ማስከፈት ሲሆን ሁለተኛው የሕመሙን ታሪክ፣ በምርመራ የተገኘውንና የሚጠየቀውን ነገር ለተቀባዩ ማድረስ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሁለተኛውን እንዴት እንደ ሸፈነው፣ ሁለተኛውም በሚገባ ሲሠራ ምን እንደሚመስል፣ በዲላና በጌዴኦ ዞን አገልግሎት ምሳሌነት መመልከት ይቻላል።

ደረጃዎቹና ወረቀቱ

በኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በብሪታንያ የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ሥራውን ጀመረ። ሁለቱ በአንድ ዓመት ይጀምሩ እንጂ መነሻቸው የተለያየ ነበር። በብሪታንያ ጠቅላላ ሐኪሙ ለባለልዩ ሙያው ባልደረባው ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ ቀድሞ የነበረ ሲሆን፣ አዲሱ አገልግሎት ያንን ልማድ ተቀብሎ ሥርዐት አደረገው። በእኛ ሀገር ግን ደብዳቤ የሚጻጻፉ ሐኪሞች ከመብዛታቸው በፊት የተቋማት ደረጃ ቀደመ፤ ወረቀቱም ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ሆኖ ተወለደ።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እነዚህ ባለሙያዎች በየጤና ጣቢያው ተመድበው የአካባቢውን ሕዝብ እንዲጠብቁ ታሰበ። ከእነርሱ ዐቅም በላይ የሆነው በሽተኛ ሐኪም ወደሚገኝበት ሆስፒታል መላክ ነበረበት። ዲላ በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አንዱ ክፍል የነበረው የደራሳ አውራጃ ከተማ ስትሆን፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ አስቀድሞ ይርጋለም፣ በኋላም ሐዋሳ ነበረች። በሽተኛው የሚጓዝበት መንገድ የመንግሥት ጉዳይ ከሚሄድበት መንገድ የተለየ አልነበረም፤ ከገጠሩ ወደ ዲላ፣ ከዲላ ወደ ሰሜን፣ በመጨረሻም 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ይወጣ ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ የጤና አገልግሎቱ ከቀበሌ የጤና አገልግሎት እስከ ማዕከላዊ ሆስፒታል በስድስት ደረጃ ተዋቀረ። በሽተኛው ደረጃውን ጠብቆ እንዲወጣ ሲፈለግ ወረቀቱ የደረጃ መጠበቂያ መሣሪያ ሆነ። ስድስቱ ደረጃዎች በኋላ ወደ አራት፣ ከዚያም ወደ ሦስት ዝቅ ብለዋል። በአሁኑ አደረጃጀት ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል በአንድነት የታችኛውን ደረጃ ሲይዙ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል በመካከል፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በላይ ይገኛሉ። ደረጃዎቹ ቢለወጡም የወረቀቱ የበር ጠባቂነት አልቀረም። እንዲያውም የማኅበረሰብ ጤና መድን በመጣ ጊዜ ይህ ሥራው ይበልጥ ጠነከረ፤ ደረጃውን ሳይጠብቅ ያለ ሪፈር ወደ ላይ የሄደ አባል መድኑ ወጪውን እንደ ሌላው ጊዜ አይሸፍንለትምና።

በጌዴኦ የመልክዐ ምድሩና የአስተዳደሩ አቀማመጥ ለወረቀቱ ተጨማሪ ሸክም ሰጥቶታል። ዞኑ በሰሜን ከሲዳማ፣ በሌላው በኩል ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይዋሰናል። በዲላ ከተማ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ፣ ከጌዴብና ከቡሌ ወገን የሚመጡትን ብቻ ሳይሆን ከጉጂ ወገን የሚመጡትንም ይቀበላል። ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሐዋሳ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ከተማ ስትሆን፣ ጌዴኦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው። ስለዚህ ቀድሞ በአንድ አስተዳደር ውስጥ ይጓዝ የነበረው ወረቀት ዛሬ የክልል ወሰን ይሻገራል። ላኪውና ተቀባዩ በአንድ ስብሰባ ላይ የመገናኘታቸው ዕድል በጠበበ መጠን፣ የሚተዋወቁት በወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቃል ብቻ ይሆናል።

የደብዳቤው አካላት

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. የበሽተኛ ቅብብሎሽ መመሪያ አውጥቶ አሠራሩን አንድ ወጥ ለማድረግ ሞከረ። በየሆስፒታሉም ላኪና ተቀባይን የሚያገናኝ፣ በተለምዶ «ላይዘን» የሚባል ክፍል ተቋቋመ። የበሽተኛው ማንነት፣ የላኪውና የተቀባዩ ተቋም፣ የሕመሙ ታሪክ፣ የምርመራው ውጤት፣ የተሰጠው ሕክምና፣ የተላከበት ምክንያትና የተቀባዩ መልስ የዚህ ዓይነቱ ቅጽ ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። ቅጹ በራሱ ጉድለት የለበትም። ችግሩ ያለው «የተላከበት ምክንያት» በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ነው። በዚያ ቦታ በብዛት የሚጻፈው «ለተሻለ ምርመራና ሕክምና» የሚል ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ ለበር ጠባቂው በቂ ነው፤ ለባለልዩ ሙያው ሐኪም ግን ምንም አይነግረውም፤ ወደ እርሱ የሚመጣ ሁሉ የሚመጣው ለተሻለ ሕክምና ነውና።

የደብዳቤው ክፍሎች ለምን ተለይተው መጻፍ እንዳለባቸው ለመረዳት አሜሪካዊው ሐኪም ሎረንስ ዊድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመውን ሐሳብ ማስታወስ ይጠቅማል። ዊድ የበሽተኛ መዝገብ የተደበላለቀ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ አራት ነገሮችን ለይቶ እንዲያሳይ ጠየቀ። እነዚህም በሽተኛው የተናገረው፣ ሐኪሙ በዐይኑ፣ በእጁና በመሣሪያ ያገኘው፣ ከሁለቱ ተነሥቶ የገመተው፣ ሊያደርግ ያቀደውም ናቸው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ግምቱ ስሕተት ቢሆን እንኳ የተነገረውና የተገኘው ሳይበላሽ ይቀራል፤ ሌላ ሐኪም ከዚያው ማስረጃ ተነሥቶ ሌላ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል። የላኪ ሐኪም ደብዳቤ በእነዚህ አራት ላይ አምስተኛ ይጨምራል፤ እርሱም ጥያቄው ነው።

ታሪኩ የሚያልፍባቸው ቋንቋዎች

ከክፍሎቹ ሁሉ በቀላሉ የሚበላሸው የሕመሙ ታሪክ ነው። በጌዴኦ ገጠር ያለ በሽተኛ ሕመሙን የሚያስበው በጌዴኦኛ ነው። ለሐኪሙ የሚናገረው ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ አለዚያም በአስተርጓሚ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስለ ተማረ ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። በዚህ ዐይነት አንድ ቃል ሦስት ቋንቋ ተሻግሮ፣ ባለቤቱ ሊያነበው በማይችል ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚሄደውም ራሱ በሽተኛው ነው።

በአማርኛው ብቻ እንኳ ስንመለከት አደጋው ቀላል አይደለም። «ኩላሊቴን ያመኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ማለቱ ነው። «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል የሚያመለክተው ከደረቱ በታች ያለውን የጨጓራውን ቦታ ሊሆን ይችላል። «ብርድ መታኝ» የሚለው አባባል ደግሞ ከሳምባ ምች ጀምሮ እስከ መገጣጠሚያ ቁርጥማትና የሽንት ማቃጠል ድረስ ብዙ ሕመም ያቅፋል። ሐኪሙ «ኩላሊት» የሚለውን ቃል እንደ ሰማ «የኩላሊት ሕመም» ብሎ ቢጽፍ፣ የወገብ ሕመሙ በወረቀት ላይ የኩላሊት በሽታ ሆኖ ይጓዛል። ተቀባዩም የኩላሊት ምርመራ ያዝዛል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም በሽተኛው እጁን የጫነበትን ቦታ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜና የሚያባብሰውን ነገር ይጽፋል እንጂ የአካሉን ስም ብቻ አይጽፍም።

አንድ ደብዳቤ በዝርዝር

ነገሩን በተግባር ለማየት አንዲት በምሳሌነት የተቀናበረች በሽተኛ እንውሰድ። የ22 ዓመት ሴት ናት፤ ከቡሌ ደጋ መጥታ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ትታያለች። ቃሏ «ብርድ መታኝ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» የሚል ነው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ስለ እርሷ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ሊጻፍ ይችላል፤ «ዕድሜ 22። ሳልና የትንፋሽ ማጠር። ሳምባ ምች ይሆን? አንቲባዮቲክ ተሰጥቷታል። ለተሻለ ምርመራና ሕክምና ተልካለች።» በዚህ ውስጥ ውሸት የለም፤ በሩም ይከፈትላታል። ይሁን እንጂ በማታ የድንገተኛ ክፍል የሚቀበላት ሐኪም የሳምባ ምች ያለባት ነፍሰ ጡር እንደ መጣችለት አድርጎ ይነሣል። በደም ሥሯ ብዙ ፈሳሽ ቢሰጣት ደግሞ ሊያጠፋት ይችላል፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይታያል።

የዚህችኑ ሴት ጉዳይ የያዘ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የሚከተለውን ይመስላል።

«ለልብ ሐኪም። አስቸኳይ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንድትታይ።

ጥያቄ፤ በሩማቲክ በሽታ ምክንያት የሚትራል ቫልቭ መጥበብ እንዳለባት እገምታለሁ። አንደኛ፣ ግምቱ በልብ አልትራሳውንድ ይረጋገጥልኝ፤ ቫልቩ በጣም የጠበበ ከሆነ ከመውለዷ በፊት በፊኛ ሊከፈት ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ የልብ ምቷ ሥርዐት የለውም፤ ለነፍሰ ጡር የሚስማማው የደም ማቅጠኛ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ የት ትውለድ?

ታሪክ፤ በ12 ዓመቷ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ክንድ የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመምና እብጠት ነበራት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት በጀርባዋ መተኛት አልቻለችም፤ ሌሊት በትንፋሽ ማጠር ትነቃለች፤ ሁለት ጊዜ ደም የቀላቀለ አክታ ወጥቷታል። ሁለት ጊዜ እንደ ሳምባ ምች ታክማ አልተሻላትም። የአክታ ምርመራ የሳምባ ነቀርሳ አላሳየም። እርግዝናው የመጀመሪያዋ ሲሆን 24 ሳምንት ሆኖታል።

የተገኘው፤ በገባችበት ቀን የልብ ምት በደቂቃ 118፣ ሥርዐት የሌለው፤ የደም ግፊት 100 በ70፤ ትንፋሽ በደቂቃ 28፤ ኦክስጅን ሳይሰጣት በደሟ ውስጥ የተለካው 91 በመቶ። በግራ ጎኗ ተኝታ በልቧ ጫፍ ላይ ዝቅ ያለ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። በሁለቱም ሳምባ ታችኛው ክፍል የእርጥበት ድምፅ አለ። ኤሌክትሮካርዲዮግራምና የልብ አልትራሳውንድ አልተሠሩም፤ መሣሪያው የለንም።

የተደረገው፤ ኦክስጅን፤ ፉሮሰማይድ 40 ሚሊግራም በደም ሥር በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ቀን፣ አሁን 40 ሚሊግራም በአፍ በቀን አንድ ጊዜ፤ ሜቶፕሮሎል 25 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቀን ምቷ 88 ሆኗል፤ በሁለት ትራስ መተኛት ችላለች። የደም ማቅጠኛ አልጀመርንም። ፈሳሽ በደም ሥር እንዳይሰጣት አደራ።»

ይህ ደብዳቤ በእጅ ቢጻፍ ከአንድ ገጽ አያልፍም። የያዘው ነገር ሁሉ ግን ምክንያት አለው። ሚትራል ቫልቭ ከሳምባ የሚመለሰው ደም ወደ ግራው የልብ ክፍል የሚወርድበት በር ነው። በሩ ሲጠብ ደሙ ወደ ሳምባ ይመለሳል፤ ትንፋሽ የሚያጥረውና አክታው ደም የሚቀላቅለው ከዚህ የተነሣ ነው። ልብ በፈጠነ መጠን ደሙ በጠባቡ በር የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ የምቱ ከ118 ወደ 88 መውረድ ራሱ ሕክምና ነው። ፈሳሽ ሲጨመር ደግሞ መውጫ ያጣው ውሃ ሳምባን ይሞላዋል። በእርግዝና ጊዜ የደሟ መጠን እስከ 32ኛው ሳምንት ገደማ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በ24ኛው ሳምንት የታመመች ሴት ሳትረዳ ከቆየች የባሰ ጊዜ ከፊቷ አለ። «በአንድ ሳምንት ውስጥ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚህ ነው። «አስቸኳይ» ብቻ ተብሎ ቢተው ኖሮ ተቀባዩ የሰዓት ይሁን የወር መሆኑን አያውቅም ነበር።

ከታሪኩ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሌላውን ሁሉ ይመራል፤ እርሱም በ12 ዓመቷ የነበረው የሚዘዋወር የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ሩማቲክ ትኩሳት በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ መገጣጠሚያዎችን ይነካና ያልፋል፤ በልብ በሮች ላይ የሚተወው ጉዳት ግን ከዓመታት በኋላ ይታያል። ሐኪሙ «ብርድ» ከሚለው ቃሏ ተነሥቶ ስለ ልጅነቷ ባይጠይቃት ኖሮ፣ ደም የቀላቀለው አክታ የሳምባ ነቀርሳን ብቻ ባሳሰበው ነበር።

ሁለተኛው ልብ ሊባል የሚገባው ነገር «አልተሠራም» የሚለው ቃል ነው። ስለ ኤሌክትሮካርዲዮግራሙ ምንም ሳይነሣ ቢታለፍ፣ ተቀባዩ ተሠርቶ ጤናማ የሆነ ሊመስለው ይችላል። ያልተሠራውን ከጤናማው መለየት፣ ለመሥራት ያልተቻለበትንም ምክንያት መጻፍ የላኪውን ዐቅም ለተቀባዩ ያሳያል፤ ተቀባዩም በሽተኛዋ ስትመለስ ላኪው ሊፈጽመው የማይችለውን ክትትል ከማዘዝ ይጠበቃል። ለምሳሌ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙ የመርጋት ፍጥነት በየጊዜው መለካት አለበት፤ መለኪያው በሌለበት ስፍራ መድኃኒቱን አዝዞ መመለስ አደጋ ነው።

የሚበላሽበትና የሚታወቅበት

ጥያቄው በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። የተማሪ ቤት ልማድ ታሪኩን አስቀድሞ ጥያቄውን ለመጨረሻ ያቆያል። ተቀባዩ ግን ብዙ በሽተኛ ከፊቱ ተሰልፎ የሚያነብ ሰው ነው፤ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ሲያውቅ ታሪኩን የሚያነበው መልስ እየፈለገ ነው። በድንገተኛ ጊዜ ደብዳቤው ከዚህም ማጠር አለበት። በአሜሪካ ሀገር ከባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች አነጋገር ተወስዶ ወደ ሆስፒታል የገባው አጭር ሥርዐት ይህንኑ ይከተላል፤ አሁን ያለውን ሁኔታ፣ መነሻውን፣ ግምቱንና የሚፈለገውን በአራት ዐረፍተ ነገር ያስኬዳል። ይህም በስልክ ለላይዘን ክፍሉ ሊነበብ የሚችል ነው። የተጻፈው ወረቀት የስልኩን ቦታ አይተካም፤ በተቀባዩ ሆስፒታል አልጋ ወይም ኦክስጅን መኖሩን ወረቀት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና።

ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ ከሌሎቹ ጉድለቶች ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ መልስ አያስገኝም። በቅጹ ላይ ለተቀባዩ መልስ የተተወው ቦታ ባዶውን እንደሚቀር በየቦታው የሚሰማ ቅሬታ ነው። ጥፋቱም ዘወትር በተቀባዩ ላይ ይጣላል። ነገር ግን «ለተሻለ ሕክምና» ለሚል ደብዳቤ ሊጻፍ የሚችለው መልስ «ታክማለች» የሚል ብቻ ነው። «የት ትውለድ?» ተብሎ የተጠየቀ ሐኪም ግን አንድ ቦታ መጥራት አለበት። መልሱ ከመጣ የቡሌዋ ሴት ወደ ቀዬዋ ስትመለስ የመጀመሪያው ሐኪም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ዳግመኛ ሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመለስባት በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም የሚወጋት እርሱ ነው። መልሱ ካልመጣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትታመም ሌላ «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ወረቀት ይጻፍላትና መንገዱን እንደ አዲስ ትጀምራለች።

አንድ ደብዳቤ ደብዳቤ መሆኑን ወይም መግቢያ ወረቀት ብቻ መሆኑን ለመለየት የሚያስችል ቀላል ፈተና አለ። የበሽተኛው ስምና የሆስፒታሎቹ ማኅተም ይሸፈን፤ ከዚያም በሽተኛውን ያላየ ሌላ ሐኪም የቀረውን ያንብብ። ዛሬ ምን እንደሚያደርግ፣ ምን ከማድረግ እንደሚቆጠብና ለላኪው ምን ብሎ እንደሚመልስ ሊናገር ከቻለ ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል። ሊናገር ካልቻለ ግን ከዲላ እስከ አዲስ አበባ የተጓዘው ማኅተም ብቻ ነው።